በውል ከተወሰነው በላይ ለተቈጠረ ሰዓት የሚጻፍ መልስ
(ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት የሰበካ ጉባኤ ሥራ አመራር አባላትና የልማት ኮሚቴዎች በተዘጋጀ የሥልጠና ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶች የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት አስተዳዳሪዎች፣ ክቡራን የሰበካ ጉባኤ ሥራ አመራር አባላትና የልማት ኮሚቴ ተጠሪዎች፤

እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ጠባብ ነው። አንድ ጠበቃ ወይም አንድ አማካሪ መሐንዲስ በውሉ ከተፈቀደለት ሰዓት እጅግ አብልጦ ቈጥሮ የክፍያ መጠየቂያ ሲልክ ደብሩ የሚመልሰው ደብዳቤ ምን ሊይዝ፣ ምንስ ሊተው ይገባል የሚል ነው። በየአጥቢያው ለሥራ ስንዘዋወር በብዛት ያየነው ከሁለት አንዱን ነው። አንዳንዱ ደብር «የተማረ ሰው ያመጣው ሒሳብ ነው» ብሎ ይከፍላል። ሌላው ደግሞ ተቈጥቶ የሚጸጸትበትን ቃል ይጽፋል፣ ወይም ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ዝም ይላል። የከፈለው የምእመናንን የስእለትና የዐሥራት ገንዘብ ያለ አግባብ አወጣ፤ የተቈጣውና ዝም ያለው ደግሞ እውነቱ በእጁ ሳለ ክርክሩን አከበደ።

ነገሩን በአንድ ደብር ጉዳይ እናስረዳ። የደብሩንም የአማካሪውንም ስም አንጠቅስም፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅም ቍጥሮቹን ለውጠናል። ደብሩ ለሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽና ከሥሩ ለኪራይ የሚሆኑ ሱቆች ሊሠራ ዐስቦ አንድ አማካሪ መሐንዲስ ቀጠረ። መሐንዲሱ ንድፉን ሊያዘጋጅ፣ የግንባታ ፈቃድ ሊያስወጣና የመሠረቱ ሥራ እስኪያልቅ ሊቈጣጠር ተስማማ። ክፍያው በሰዓት ነው፤ ለራሱ 600 ብር፣ ለረዳቱ 300 ብር። የውሉ አንቀጽ 5 ጠቅላላ የአገልግሎት ክፍያው በማናቸውም ሁኔታ ከ72,000 ብር እንደማይበልጥ ይናገራል፤ ይህም የመሐንዲሱ 120 ሰዓት መሆኑ ነው። አንቀጽ 6 ከዚህ በላይ የሚሆን ሥራ የሚከፈለው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ ከፈቀደ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። የመጓጓዣ ወጪ በደረሰኝ ለብቻው ይተካል፤ በመንገድ የሚያልፈው ጊዜ ግን በሰዓት አይቈጠርም።

ደብሩ በመጀመሪያ 36,000 ብር ከፈለ። መሠረቱ ሲጠናቀቅ የመጣው የክፍያ መጠየቂያ 203 ሰዓት በ600 ብር ተባዝቶ 121,800 ብር ይላል። የተከፈለው ሲቀነስ 85,800 ብር ይፈለጋል ማለት ነው። ሥራ አመራሩ በዚያው ሳምንት ተሰብስቦ እርስ በርሱ ሲከራከር አመሸ፤ ከዚያም ወደ እኛ መጣ።

ከሁሉ አስቀድመን ውሉን አስወጣን። በውል ውስጥ የተጻፈ ቍጥር ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለምና ደብዳቤ ከመጻፍ በፊት ቍጥሩ ምን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። «ሥራው ወደ 120 ሰዓት ገደማ ሊፈጅ ይችላል» የሚል ከሆነ ግምት ነው። እንዲህ ያለ ውል የያዘ ደብር የሰዓቱን ዝርዝር ሊጠይቅ፣ አላስፈላጊ የሆነውን ሊቃወም ይችላል፤ ከ120 አልፏልና አንከፍልም ብሎ በሩን ሊዘጋ ግን አይችልም። «ሥራው በ72,000 ብር ይሠራል» የሚል ከሆነ የቁርጥ ዋጋ ነው። ያን ጊዜ መሐንዲሱ በ80 ሰዓት ቢጨርስም ደብሩ ሙሉውን ይከፍላል፤ 300 ሰዓት ቢፈጅበትም ኪሳራው የእርሱ ነው። «በሰዓት ይከፈላል፣ ሆኖም ከ72,000 ብር አይበልጥም» የሚለው ደግሞ ጣሪያ ነው። ጣሪያ ባለበት ውል ደብሩ የሚከፍለው በእውነት የተሠራውን ሰዓት ነው፤ ያም ቢሆን እስከ ጣሪያው ድረስ ብቻ። ሰዓቱ ከጣሪያው ካነሰም ያነሰውን ይከፍላል። ይህን የማያስተውሉ ኮሚቴዎች አሉና ጣሪያውን እንደ ቁርጥ ዋጋ ቈጥረው 90 ሰዓት ለተሠራበት 120 ሲከፍሉ አይተናል።

የዚህ ደብር ውል ጣሪያ ያለው ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1731 በአግባቡ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚጸና ይናገራል። በአንቀጽ 1764 ደግሞ የአንዱ ተዋዋይ ግዴታ ካሰበው ይልቅ ከባድ ሆኖ መገኘቱ ብቻውን ውሉን እንደማያስቀር ይገልጻል። መሐንዲሱ ሥራው ከጠበቀው በላይ ጊዜ እንደ ወሰደበት ቢያስረዳ፣ እውነትም ቢሆን፣ ጣሪያው በዚያ አይነሣም። ጣሪያ የተበጀው ሥራው እንደ ታሰበው ሳይሄድ ለሚቀርበት ቀን ነው።

ቀጥለን ዕለታዊ የሰዓት መመዝገቢያውን ጠየቅን። መሐንዲሱ ሳያስቸግር ሰጠ፤ ይህም ስለ እርሱ ያለንን ግምት ለዘብ አደረገው። ከገንዘብ ያዡና ከሒሳብ ሹሙ ጋር ሆነን መስመር በመስመር ስናነብ የሚከተለውን አገኘን። ከ203ቱ ሰዓት 26ቱ በመንገድ ያለፈ ጊዜ ነው፤ በውሉ መሠረት አይቈጠርም። 19ኙ ሰዓት ንድፉ ከግንባታ ፈቃድ ክፍል ለእርማት ተመልሶ እንደ ገና የተሠራበት ነው፤ ጕድለቱም የመሬቱ ከፍታ ልኬት በትክክል አለመመዝገቡ ነበር። የራሱን ስሕተት ያረመበትን ሰዓት ደብሩ የሚከፍልበት ምክንያት የለም። 34ቱን ሰዓት የሠራው ረዳቱ ሲሆን የተቈጠረው ግን በመሐንዲሱ ዋጋ ነው። 14ቱ ሰዓት ከመጀመሪያው ንድፍ ውጭ ለሆነ አንድ የዕቃ ቤትና ቦታው ለተለወጠ ደረጃ የዋለ ነው። የቀረው 110 ሰዓት መሐንዲሱ በውሉ ሥራ ላይ ያዋለው ነው።

እንግዲህ እናስላው። 110 ሰዓት በ600 ብር 66,000 ብር ይሆናል። የረዳቱ 34 ሰዓት በ300 ብር 10,200 ብር ነው። ድምሩ 76,200 ብር፤ ይህ ከጣሪያው ስለሚያልፍ የሚከፈለው 72,000 ብር ነው። 36,000 ብር ስለ ተከፈለ ቀሪው 36,000 ብር ይሆናል። ይህን ገንዘብ ደብሩ ያለ ክርክር መክፈል ነበረበት፤ የሠራተኛን ዋጋ ማስቀረት በቅዱስ ያዕቆብ መልእክት ምን ያህል ከባድ ነገር እንደ ሆነ ለእናንተ አንነግርም። በ14ቱ ሰዓት ላይ ከጥቂት በኋላ እንመለሳለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ይህን ሁሉ ዝርዝር ካገኘን በኋላ የሥራ አመራሩ ጸሐፊ ያረቀቀው ደብዳቤ አራት ገጽ ሆነ። የመንገዱን ሰዓት፣ የእርማቱን ሰዓት፣ የረዳቱን ዋጋ አንድ በአንድ እያነሣ ይከራከራል። ደክሞበታል፤ የተናገረውም እውነት ነው። እኛ ግን እንዲተወው መከርን። በሰዓቱ ላይ መከራከር፣ ሰዓቱ ትክክል ቢሆን ኖሮ እንከፍል ነበር የሚል ትርጕም ያመጣል። አማካሪው ለእያንዳንዱ መስመር መልስ ይኖረዋል። «ያን ቀን መንገድ ላይ ሳለሁ ከተቋራጩ ጋር በስልክ ስለ ብረቱ እየተነጋገርሁ ነበር» ይላል፤ ማን ያውቃል? ሦስት ደብዳቤ ከተለዋወጡ በኋላ አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ «ልዩነቱን እኩል ተካፈሉ» ይላል፤ ደብሩም በውል የተዘጋውን በር በገዛ እጁ ከፍቶ ያገኘዋል። የሰዓቱ ምርመራ ለደብሩ የራሱ ዕውቀት ነው። የሚጠቅመው ለአማካሪው በእውነት የሚገባው ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ፣ ነገሩም ፍርድ ቤት ቢደርስ ለማስረጃ ነው። በደብዳቤው ውስጥ ለእርሱ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል።

ከረቂቁ ሌሎች ሦስት ዐረፍተ ነገሮችም ወጥተዋል። አንደኛው አማካሪውን «አጭበርባሪ» የሚል ነበር። ሰውየው ሰዓቱን አልሠራም የሚል ማስረጃ በእጃችን አልነበረም፤ የነበረን ከተፈቀደለት በላይ መጠየቁን የሚያሳይ ወረቀት ብቻ ነው። በማኅተም የወጣ ደብዳቤ ሰውን በስም ማጥፋት ሊያስከስስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ተከላካዩ ደብሩ ይሆናል። ሁለተኛው «በአሁኑ ጊዜ ደብሩ ገንዘብ ስለሌለው» ብሎ የሚጀምር ነበር። ይህ ቃል የዋህ ይመስላል፤ ነገር ግን ዕዳው እንዳለና የጐደለው አቅም ብቻ እንደ ሆነ ያምናል። ያልተቀበልነውን ዕዳ ለመክፈል ቀጠሮ መስጠት፣ ወይም ምን ምን እንደ ሆነ ሳይገለጽ ጥቂት ገንዘብ «ለጊዜው» ብሎ መስጠት ዕዳን እንደ ማመን ይቈጠራል። ሦስተኛው ስለ መበለቲቱ ሁለት ሳንቲም የሚያትት ረዥም አንቀጽ ነበር። ለስብከት የተገባ ነው፤ ለዚህ ደብዳቤ ግን አይሆንም፤ አንባቢው ደብሩ የሚጠቅሰው ውል አጥቶ ርኅራኄ የሚለምን መስሎ ሊታየው ይችላል።

አሁን ስለ 14ቱ ሰዓት። አስተዳዳሪው አባታችን በግንባታው ቦታ ቆመው «ደረጃው በምሥራቅ በኩል ቢሆን፣ ከሥሩም አንዲት የዕቃ ቤት ብትገኝ» ብለው ለመሐንዲሱ በቃል ነግረውታል። በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ የለም። በአንቀጽ 6 ቃል ብንሄድ ደብሩ ምንም አይከፍልም፤ ከሥራ አመራሩ አባላት ግማሹም ይህንኑ ያዙ። የንብረት ክፍል ኃላፊ የሆኑት አዛውንት ግን «አባታችን፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ እኔ ይዤዋለሁ፤ አሠርተን እየተገለገልንበት ወረቀት የለም ብንል ለማን እንናዘዘዋለን?» አሉ። እኛም በእርሳቸው ሐሳብ ተስማማን። ምክንያታችን የሕሊና ብቻ አልነበረም። ደብሩ ራሱ አዝዞ የተጠቀመበትን ሥራ ላለመክፈል ጣሪያውን ቢጠቅስ፣ ነገሩን የሚመለከት ዳኛም ሆነ ሽማግሌ በቀረው ክርክር ላይ ያለው እምነት ይቀንሳል። 14 ሰዓት በ600 ብር 8,400 ብር ነው። ሥራ አመራሩ ይህ እንዲከፈል በቃለ ጉባኤ ወሰነ፤ ነገር ግን ለዚህ ሥራ ብቻ የተሰጠ መሆኑና አንቀጽ 6ን እንደማያሻሽል በውሳኔው ተጻፈ። ያ ሐረግ ባይገባ ኖሮ አማካሪው «ያለ ጽሑፍ የሠራሁትን ከፍላችሁኛልና ሌላውንም» ሊል ይችል ነበር።

ስለዚህ የሚከፈለው 36,000 እና 8,400፣ በድምሩ 44,400 ብር ሆነ። ከተጠየቀው 85,800 ብር ውስጥ ደብሩ የማይቀበለው 41,400 ብር ነው። ደብዳቤውም አንድ ገጽ ሆኖ እንዲህ ተጻፈ።

ቍጥር ________
ቀን ________

ለኢንጂነር ________
ባሉበት

ጕዳዩ፦ ከውል በላይ ስለ ቀረበ የክፍያ ጥያቄ መልስ ስለ መስጠት

ለደብራችን የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ግንባታ የንድፍና የቍጥጥር አገልግሎት የሰጡበትን 203 ሰዓት በመጥቀስ ቀሪ 85,800 ብር እንዲከፈልዎ የጠየቁበት ጽሑፍ ደርሶናል። ለሰጡት አገልግሎት እናመሰግናለን።

በመካከላችን ያለው ውል አንቀጽ 5 ጠቅላላ የአገልግሎት ክፍያው በማናቸውም ሁኔታ ከ72,000 ብር እንደማይበልጥ፣ አንቀጽ 6 ደግሞ ከዚህ በላይ ለሆነ ሥራ ክፍያ የሚፈጸመው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ እንደ ሆነ ይደነግጋል። እንዲህ ያለ የጽሑፍ ፈቃድ አልተሰጠም። ስለዚህ ከጣሪያው በላይ የቀረበውን ጥያቄ ደብሩ አይቀበለውም።

ቀደም ሲል ከተከፈለዎ 36,000 ብር በተጨማሪ በውሉ መሠረት የሚቀርዎትን 36,000 ብር ከዚህ ደብዳቤ ጋር እንከፍላለን። የዕቃ ቤቱና የደረጃው ለውጥ በአስተዳዳሪው ጥያቄ የተሠራ በመሆኑ፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ 8,400 ብር እንዲከፈልዎ ሥራ አመራሩ ወስኗል። ይህ ውሳኔ የውሉን አንቀጽ 6 አያሻሽልም፤ ለሌላ ጥያቄም መሠረት አይሆንም።

በሰዓት መመዝገቢያው ውስጥ በውሉ የማይቈጠሩ ሰዓቶች መኖራቸውን ተመልክተናል፤ በጣሪያው ምክንያት ዝርዝሩን ማንሣት ስላላስፈለገን በዚህ ላይ ያለን መብት የተጠበቀ ነው።

ማኅተምዎ ያረፈባቸውን የተሟሉ ንድፎችና የግንባታ ፈቃዱን ሰነዶች በ15 ቀን ውስጥ እንዲያስረክቡን እንጠይቃለን። በሐሳባችን የማይስማሙ ከሆነ በዚሁ ጊዜ ውስጥ የሚመኩበትን የውል አንቀጽ ወይም የጽሑፍ ፈቃድ ጠቅሰው በጽሑፍ ይግለጹልን፤ ተገናኝተን ለመነጋገርም ፈቃደኞች ነን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለሒሳብ ክፍል፣ ለቍጥጥር ክፍል

ደብዳቤው ይህ ነው። ስለ ጥቂት ቃላቱ ልናስረዳ እንወዳለን። «ደብሩ አይቀበለውም» የሚለው ቃል ግልጽ ሆኖ የተቀመጠው «እንደ ገና ቢያጤኑት» የሚል ልመና መልስ ስለማይሆን ነው። በመርሑ ዝምታ እንደ ስምምነት አይቈጠርም፤ ይሁንና አስቀድሞ የሥራ ግንኙነት ባላቸው ሰዎች መካከል በጽሑፍ ለቀረበ የለውጥ ሐሳብ በጊዜው መልስ አለመስጠት እንደ መቀበል ሊወሰድ የሚችልበት ሁኔታ በሕጋችን አለ። ስለዚህ መጠየቂያው በደረሰ በሳምንት፣ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት ውስጥ መመለስ ይሻላል። «የሚመኩበትን የውል አንቀጽ ወይም የጽሑፍ ፈቃድ» ማለታችን ደግሞ ጥያቄውን በቦታው ለማቆም ነው። አማካሪው ምን ያህል እንደ ደከመ ሊጽፍ ይችላል፤ የተጠየቀው ግን ማን እንደ ፈቀደለት ነው።

ንድፎቹን በዚሁ ደብዳቤ መጠየቅም የግድ ነው። ብዙ ደብሮች የሚያዙት በዚህ በኩል ነው። አማካሪው ማኅተም ያረፈበትን ንድፍ ይዞ «ገንዘቤን ካላገኘሁ» ሲል የሥራ ተቋራጩ ቀን ይቃጠላል፤ ኮሚቴውም ተጨንቆ የማይገባውን ይከፍላል። በዚህ ምክንያት አከራካሪ ያልሆነው ገንዘብ ደብዳቤው በሚሰጥበት ዕለት በቼክ ወይም በባንክ ይከፈላል። የሚገባውን ሙሉ በሙሉ ተቀብሎ ሰነድ የያዘ አማካሪ የቆመበት መሬት እጅግ የሳሳ ነው። በክፍያ ማዘዣውና በደረሰኙ ላይ «በውሉ አንቀጽ 5 መሠረት የመጨረሻ ክፍያ» እና «በቃለ ጉባኤ ለተወሰነ ተጨማሪ ሥራ» ተብሎ በሁለት መስመር ይጻፋል። «ቅድሚያ ክፍያ» ወይም «ከፊል ክፍያ» የሚል ቃል ከተጻፈ ቀሪ እንዳለ ይመሰክራል። ግብርን በሚመለከት ጣሪያው ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትት እንደ ሆነ ከውሉ ይታያል፤ ከክፍያው ላይ በሕግ ተቀንሶ የሚያዘውንም ሒሳብ ሹሙ አይዘንጋ።

ደብዳቤው ከመዝገብ ቤት ወጪ ቍጥር ተሰጥቶት፣ በአስተዳዳሪው ፊርማና በደብሩ ማኅተም ይወጣል። አማካሪው በግልባጩ ላይ ስሙን፣ ፊርማውንና ቀኑን ጽፎ ይቀበላል። አልቀበልም ቢል በአደራ ፖስታ ይላካል፤ የፖስታ ቤቱም ደረሰኝ ከግልባጩ ጋር ይታሰራል። በስልክ ተነጋግረናል ማለት ለማስረጃ አይበቃም።

የተቀጠረው ጠበቃ ከሆነ የደብዳቤው አካሄድ ያው ነው፤ ከመላኩ በፊት ግን የቀጠሮ ማስታወሻውን መመልከት ያስፈልጋል። የይዞታ ክርክሩ በሚቀጥለው ሳምንት የሚሰማ ከሆነ፣ ወይም ፍርድ ተሰጥቶ በፍትሐ ብሔር ጕዳይ ለይግባኝ የተፈቀደው 60 ቀን እየሮጠ ከሆነ፣ ከጠበቃው ጋር የሚደረገው የክፍያ ክርክር ዋናውን ጕዳይ እንዳያስቀር የመዝገቡን ሙሉ ግልባጭ አስቀድሞ በእጅ ማድረግ ይገባል። የክፍያ ደብዳቤ ውክልናን አይሽርም፤ ደብሩ ጠበቃውን መለወጥ ከፈለገ ውክልናውን በሰነዶች ማረጋገጫ መሻርና ለፍርድ ቤቱ ማሳወቅ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው። በጠበቃ ላይ የሥነ ምግባር አቤቱታ ማቅረብም ይቻላል፤ የሚቀርበውም ፈቃዱን በሰጠው የፌዴራል ወይም የክልል የፍትሕ አካል ዘንድ ነው። ነገር ግን በክፍያው ደብዳቤ ውስጥ «ካልተውክ እንከስሃለን» ብሎ ማስፈራራትን አንመክርም። አቤቱታ የሚገባው ጥፋት ካለ ገንዘቡ ቢቀርም ባይቀርም አቤቱታው ይቀርባል፤ ከሌለም ማስፈራሪያው ለቤተ ክርስቲያን ወረቀት አይመጥንም።

መሐንዲሱ በዘጠነኛው ቀን ወደ ደብሩ መጣ። ክፍያውን ተቀብሎ ነበር። «ሰዓቱን በእውነት ሠርቻለሁ፤ የሥራ ተቋራጩ ስለ ዘገየ እኔም ተመላለስሁ» አለ። አስተዳዳሪው አባታችን «ልጄ፣ አልሠራህም አላልንም። ከጣሪያው ልታልፍ ስትል አንድ ወረቀት ብትጽፍልን እንነጋገር ነበር» ብለው መለሱለት። ከቀሪው ግማሹ እንዲከፈለው ጠየቀ፤ ሥራ አመራሩ አልተቀበለም። ንድፎቹን በቀጠሮው ቀን አስረከበ፤ 41,400 ብሩን መተዉን የሚገልጽ ወረቀት ግን አልጻፈም። ደብሩም ይህን እንዲጽፍ አላስጨነቀውም፤ በደብዳቤው አቋሙን አስታውቋልና።

ነገር ግን ያልተተወ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውል ለሚመነጭ ጥያቄ በጠቅላላው የተቀመጠው የይርጋ ጊዜ 10 ዓመት ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሰበካ ጉባኤው ሥራ አመራር አንድ ጊዜ ብቻ የሚለወጥ አይደለም። ስለዚህ ውሉ፣ የክፍያ መጠየቂያው፣ የሰዓት መመዝገቢያው፣ ቃለ ጉባኤው፣ የተፈረመበት የደብዳቤው ግልባጭና ደረሰኙ በአንድ ፋይል ሆነው በርክክብ ጊዜ በስም ተዘርዝረው ለአዲሶቹ አባላት ይሰጣሉ። በዚያ ደብር ፋይሉ በመዝገብ ቤቱ ቁም ሣጥን፣ ከይዞታ ማረጋገጫው አጠገብ ተቀምጧል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።